የኪራይ ቀንና የደመወዝ ቀን፦ አዲስ አበባ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ የወር በጀት

ጉዳዩ እኔ ጋ የደረሰው በእናቷ በኩል ነው። እናቷ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ትኖራለች። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ ላይ ደወለችና «አንተ የሒሳብ ሰው አይደለህ? እስቲ ልጄን አነጋግርልኝ። በየወሩ ዘጠኝ ሺህ ብር ይላክላታል፤ እሷ ግን ወሩ ሳይጋመስ ብድር ውስጥ ነች። ገንዘቡን ምን እያደረገችው ነው?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ጥርጣሬ ግልጽ ነበር። ልጅቷ የተበላሸች መስሏታል።

ልጅቷ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ኮተቤ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት በ4,000 ብር ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ኮሌጁ መገናኛ ነው። የትምህርት ክፍያዋን ዱባይ ሆቴል ውስጥ በጽዳት የምትሠራው ታላቅ እህቷ በየሴሚስተሩ ለብቻው ስለምትከፍል እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ለመኖሪያ የሚላክላት ከሁለት ሰው ነው። አባቷ አስተማሪ ነው፤ ደመወዝ ሲወጣ፣ ማለትም ወሩ 25 ሲል፣ 4,000 ብር ይልካል። እህቷ 5,000 ብር ትልካለች፤ የእሷ በአብዛኛው 29 አካባቢ ይገባል። ከዚህ ሌላ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ስንቅ ይመጣል፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ።

ቁጭ ብለን መመርመር የጀመርነው ኅዳር 24 ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ባዶ ወረቀት ያወጣና «ለምግብ ይህን ያህል፣ ለታክሲ ይህን ያህል» እያለ በምኞት ይሞላዋል። እኔ ግን በመጀመሪያ ያለፈው ወር እንዴት እንዳለፈ ማየት ፈለግሁ። የባንኳን መተግበሪያ ከፍተን ከጥቅምት 25 ወዲህ የገባውንና የወጣውን አንድ በአንድ ጻፍን። በስልክ የከፈለችውን ከአጭር መልእክቶቹ ለቀምን። የሚያስቸግረው በጥሬው ያወጣችው ነው፤ መተግበሪያው «1,000 ብር ወጪ» ይላል እንጂ ምን እንደተገዛበት አይናገርም። እዚያ ላይ «ምን ገዛሽበት?» ብዬ ብጠይቃት ትዝ አይላትም ነበር። «ያን ዕለት የት ዋልሽ? ከማን ጋር ነበርሽ?» ስላት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም መጣ።

የወጣው ሥዕል እናቷ ከፈራችው ፍጹም የተለየ ነበር።

ጥቅምት 25 እና 29 በድምሩ 9,000 ብር ገባ። ከዚያ ላይ ወዲያውኑ 2,300 ብር ለዕዳ ሄደ፦ 1,500 ለክፍል ጓደኛዋ፣ 800 ደግሞ በስልክ ለሚሰጥ አነስተኛ ብድር፣ ከነአገልግሎት ክፍያው። የስልኩ ብድር ገንዘብ ሲገባ ራሱ ቆርጦ ስለሚወስድ እንኳን ለመደራደር፣ ለማሰብም ጊዜ አይሰጥም። በእጇ የቀረው 6,700 ነው። ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 12 ባሉት 17 ቀናት 4,150 አወጣች። ኅዳር 12 ኪራይ ደረሰ፤ እጇ ላይ 2,550 ብቻ ነበር፤ የጎደለውን 1,450 ተበደረች። ከዚያ እስከ ኅዳር 25 ላሉት 13 ቀናት ምንም ስላልነበራት ሌላ 850 ተበደረች። 1,450 እና 850 ሲደመር 2,300 ይሆናል።

ማለትም ወሩን በ2,300 ዕዳ ጀምራ በዚያው በ2,300 ዕዳ ጨረሰችው። በወሩ ውስጥ ያወጣችው፣ ኪራዩን ጨምሮ፣ 4,150 ሲደመር 4,000 ሲደመር 850፣ ልክ 9,000 ብር ነው። ከሚላክላት ብር አንድም ሳንቲም አልበለጠም። ልጅቷ በአቅሟ ነው የምትኖረው። ያ 2,300 ብር ግን በየወሩ ይከፈላል፣ በየወሩ ይወሰዳል፤ መጠኑ ንቅንቅ አይልም። ከየት መጣ ብለን ወደ ኋላ ስንሄድ፣ ባለፈው ዓመት ቤቱን ስትይዝ ፍራሽ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ባልዲና ድስት ከወሩ ገንዘብ ላይ ገዝታ ነበር። ያ ቀዳዳ ሳይደፈን ከወር ወር ተሸጋገረ። አባትና እናት ልጅ ሲልኩ ኪራዩን ያስባሉ፤ የመግቢያውን ዕቃ ግን ማንም በሒሳብ አይጽፈውም።

ከዚህ በኋላ ማየት የነበረብን የቀን ወጪዋን ነው። በመጀመሪያዎቹ 17 ቀናት በቀን በአማካይ 244 ብር ታወጣለች፤ ኪራይ ከከፈለች በኋላ ባሉት 13 ቀናት ግን 65 ብር። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲታይ ችግሩ የገንዘቡ ማነስ ወይም የልጅቷ አባካኝነት ሳይሆን የቀን አቀማመጥ መሆኑን መጠርጠር ነው። ገንዘብ በእርግጥ የሚያንሰው ሰው ከወሩ መጀመሪያም ጀምሮ ቆጥቦ ይታያል፤ አባካኝ ሰው ደግሞ ዕዳው በየወሩ ያድጋል። እሷ ጋ ሁለቱም የሉም።

4,150 ብሩን ብንፈታውም ይህን ያህል የሚያስወቅስ ነገር አልነበረውም። 880 ብሩ ለዘይት፣ ለሳሙናና ለሞዴስ፣ ለስልክ ጥቅል የወጣ ነው፤ እነዚህ ለወሩ ሙሉ የሚያገለግሉ ናቸው። 250 መብራትና ውሃ፤ 390 ታክሲ፤ ወደ 500 እንጀራ፤ 300 ቁርስ፤ 190 አትክልት፤ 200 ለአንዲት ጓደኛዋ ልደት መዋጮ። የቀረው 1,440 ብር ምሳ ነው። ኮሌጁ አጠገብ በያይነት 120 ብር ነው፤ 12 ጊዜ በልታለች። እዚህ ላይ «እዚያ ጋ ነው የተበላሸው» ማለት ይቀናል። ግን ልብ ይሏል፤ ያ ምሳ በ25 እና በ12 መካከል ያለ ሰው ምሳ ነው። ኪራዩ ገና ስለሆነ ያለው ገንዘብ ሁሉ የሷ ይመስላል። ኪራዩ ሲከፈል ምሳውም አብሮ ይቆማል።

የቀኑ መዛባት ጉዳት ያደረሰው በብሩ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ስንቁንም በልቶታል። መስከረም መጨረሻ ላይ እናቷ 6 ኪሎ ሽሮ ልካ ነበር። ሐሳቧ እስከ ጥር መጨረሻ፣ አራት ወር እንዲያደርሳት ነው፤ በቀን 50 ግራም ይደርሳል፣ ይህም ለአንድ ሰው የአንድ ጊዜ ደህና ወጥ ነው። ልጅቷ ግን ከ12 እስከ 25 ባሉት ቀናት ሌላ የሚበላ ስለሌላት ጠዋትም ማታም ሽሮ ነው የምትሠራው፤ የክፍል ጓደኞቿም በእነዚያው ቀናት እጃቸው ባዶ ስለሚሆን እሷ ጋ ይመጣሉ። ኅዳር 20 ላይ የሽሮው ዕቃ ተጠርጎ አልቋል። እናት በስልክ «ስድስት ኪሎ ሽሮ በሁለት ወር?» ብላ የተቆጣችው ለዚህ ነው። የሽሮው ማለቅና የኪራዩ ቀን አንድ ጉዳይ መሆናቸው ለእናትም ለልጅም አልታየም ነበር።

መፍትሔው ከዚህ ሥዕል በቀጥታ ይወጣል። ኪራዩ 12 ላይ የሆነው ለምንም ሳይሆን ቤቱን የገባችው በ12 ስለሆነ ብቻ ነው። ወደ 25 ቢዞር የአባቷ 4,000 ብር ከባንክ ወደ ባንክ በዚያው ዕለት ያልፋል፤ እሷ ጋ የሚቀረው 5,000 ሙሉ በሙሉ የሷ ይሆናል።

ሒሳቡ ይኸው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል፤ 4,000 ለ30 ሲካፈል የቀን ኪራዩ 133 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ኅዳር 12 የከፈለችው እስከ ታኅሣሥ 12 ይሄዳል። ታኅሣሥ 12 ላይ ሙሉ ኪራይ ከመክፈል ይልቅ እስከ 25 ላሉት 13 ቀናት ብቻ 1,733 ብር ትከፍላለች። ታኅሣሥ 25 ላይ 4,000፣ ከዚያም በየወሩ 25። አከራይዋ የአንድ ቀን ኪራይ እንኳ አትከስርም፤ 2,267 ብር ለ13 ቀናት ዘግይቶ ይደርሳታል እንጂ።

ያ 2,267 ብር ደግሞ ልጅቷን ወር በወር ሲያዞራት ከነበረው 2,300 ብር ዕዳ ጋር እኩል ሊሆን 33 ብር ብቻ ይቀረዋል። የሚገርም አይደለም፤ አንዱ የሌላው ጥላ ነው። ስለዚህ የሽግግሩ ወር እንዲህ ይቆማል፦ 2,300 ዕዳ፣ 1,733 የ13 ቀን ኪራይ፣ 5,000 መኖሪያ፤ ድምሩ 9,033። የሚላከው 9,000።

አከራይዋን ማሳመን ግን በወረቀት ላይ እንዳለው ቀላል አልነበረም። ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ልጅቷ «እትዬ፣ ኪራዩን 25 ላይ ባደርገውስ?» ስትላቸው መጀመሪያ ፊታቸው ተለወጠ። «አንዱ ተከራይ ቀን ሲለውጥ ሌላውም ይለውጣል» አሉ። አብሬያት ሄጄ ስናወራ እውነተኛው ምክንያት ወጣ፤ ዕቁባቸው በየወሩ 15 ነው፤ የ12ቱ ኪራይ ለዚያ ይውላል። ስለዚህ ጥያቄያችንን አዞርነው። ኪራዩ 25 ላይ ሲመጣ ለቀጣዩ ወር ዕቁብ 20 ቀን ቀድሞ እጃቸው ላይ ይሆናል። የሚቸግራቸው የታኅሣሥ 15 ዕቁብ ብቻ ነው። ለእሱ «የዚህን ወር ከሌላኛው ተከራይ አደርገዋለሁ» አሉና ተስማሙ። «ሠላሳ ሦስቷን ብር ተያት፣ 1,700 ክፈይ» ብለውም ጨመሩ፤ ሒሳቡ በዚያ በትክክል 9,000 ላይ ቆመ። አዲሱን ቀን በውሉ ላይ ጽፈን ሁለቱም ፈረሙ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውል በጽሑፍ መሆን ስላለበት፣ ውሉ ነበራቸው፤ ያለ ውል በአፍ ተስማምቶ ለሚኖር ተማሪ እንዲህ ዓይነቱን ለውጥ ቢያንስ ቀን ባለው ወረቀት ላይ አስፍሮ ማስፈረም ይሻላል። አለዚያ ከሁለት ወር በኋላ «የ13 ቀን ቀርቶብሻል» የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም።

ሁለተኛው ሥራ የእህቷን ቀን ማስተካከል ነበር። ኪራዩ 25 ላይ ከተከፈለ የእህቷ 29 ላይ መምጣቱ አራት ባዶ ቀን ይፈጥራል። የዱባይ ደመወዝ በፈረንጆች ወር ነው የሚከፈለው። የፈረንጆቹ ወር አንደኛ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ 22፣ 23 ወይም 24 ላይ ይውላል፦ የፈረንጆች ዲሴምበር 1 ኅዳር 22፣ ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 23፣ ፌብሩዋሪ 1 ጥር 24። ስለዚህ እህቷ ደመወዝ የምታገኘው ከአባቷ በፊት ነው። 29 የሚሆነው እስከ ዕረፍት ቀኗ ስለምትቆይ ነበር። ልጅቷ ደውላ «እትዬ፣ 25 ሳይሞላ ብትልኪልኝ» አለቻት፤ እህቷም «ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?» አለች። ለቤተሰብ የሚልክ ሰው አንዳንዴ ቀኑ ለተቀባዩ ምን ማለት እንደሆነ አይታየውም፤ ተቀባዩም ከምስጋና ሌላ ነገር መናገር ያፍራል።

ከዚህ በኋላ ነው 5,000 ብሩን ያደላደልነው። አስቀድሜ ባደርገው ኖሮ ከንቱ ይሆን ነበር። ገንዘቡን ለሁለት ከፈልነው። የመጀመሪያው ገና 25 ላይ የሚወጣ ወይም የሚቀመጥ ነው፦

መብራትና ውሃ 250
ዘይት አንድ ሊትር 280
የስልክ ጥቅል 250
ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ቅባት 350
የሀንድአውት ማባዣና ማተሚያ 200
ወደ ቤት መሄጃ 250
መጠባበቂያ 260

ይህ 1,840 ይሆናል። የቀረው 3,160 በየቀኑ የሚወጣው ነው፦ እንጀራ 1,200፣ አትክልት 850፣ ዳቦ፣ ሻይና ስኳር 450፣ ታክሲ 660። እንጀራውን ቀድሞ ከሱቅ በ25 ብር ነበር የምትገዛው፤ ጎረቤት ያለች ጋጋሪ በ20 ብር ትሸጣለች፣ ግን በቁጥር አሥር ካልሆነ አትሰጥም። በቀን ሁለት እንጀራ ለምትበላ ሰው አሥር እንጀራ አምስት ቀን ነው። አምስተኛው ቀን ላይ እንጀራው ሊሻግት ይችላል፤ በተለይ ገና ትኩስ ሳለ በፌስታል ከተጠቀለለ። አሳርፋ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ የመጨረሻዋን አንዷን ደረቅ ስትል ፍርፍር ታደርጋታለች።

አምስት ቀን የሚለው ነገር ከዚያ ጋጋሪ ተነሥቶ የበጀቱ መሠረት ሆነ። ሳምንት ለወር አይገጥምም፤ አራት ሳምንት ብሎ የሚያደላድል ሰው ሁልጊዜ ሁለት ቀን ይተርፈዋል፣ ያቺ ሁለት ቀን ደግሞ ገንዘብ የሌለባት ናት። 30 ቀን ግን ለስድስት አምስት ቀን እኩል ይከፈላል። 3,160 ለስድስት ወደ 525 ይሆናል። ገንዘቡ ባንክ ይቀመጣል፤ 25፣ 30፣ 5፣ 10፣ 15 እና 20 ላይ 525 ብር ብቻ ወደ ስልኳ ገንዘብ ታዞራለች። በዚያው ቀን አሥር እንጀራ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች ትገዛለች፤ የቀረው ታክሲና ቁርስ ነው። አምስቱ ቀን ሳያልቅ ገንዘቡ ካለቀ፣ ቢበዛ የሁለት ቀን ችግር ነው እንጂ የ13 ቀን አይሆንም።

ምሳው ላይ ተከራከርን። እኔ ዜሮ ጽፌ ነበር። «ጋሼ፣ ሁሉም ሲቀመጥ እኔ ብቻዬን ምሳ ዕቃ ልፍታ?» አለች። እውነት አላት፤ ተማሪ የሚተዋወቀው፣ ሀንድአውት የሚለዋወጠው፣ የቡድን ሥራ የሚከፋፈለው እዚያ ምሳ ላይ ነው። ራሷ መላ አመጣች፤ ከሰዓት ስትመለስ በሳምንት አራት ቀን ከሠፈሯ ልጅ ጋር በእግር ትሄዳለች። የአንድ ጉዞ ታክሲ 15 ብር ነው፤ 16 ጉዞ 240 ብር፣ ይህም የሁለት ቀን በያይነት ነው። በወር ሁለት ምሳ ከጓደኞቿ ጋር፣ የቀረውን ቋጥራ። እኔ ብወስንላት ኖሮ ሁለት ሳምንት አይዘልቅም ነበር፤ የራሷ ሐሳብ ስለሆነ ቆየ።

ስንቁን ደግሞ እንደ ገንዘብ ያዝነው። ታኅሣሥ ወር እናቷ በመኪና ረዳት እጅ 2 ኪሎ ሽሮ ላከችላት፤ ለገና ሄዳ ስትመለስም ሙሉውን ይዛ መጣች። ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝና በአራት ክዳን ባላቸው ዕቃዎች እኩል ከፈለችው፤ በእያንዳንዱ ላይ በፕላስተር የሚከፈትበትን ቀን ጻፈች። አንድ ኪሎ ተኩል ለ30 ቀን። የጥር ዕቃ ከየካቲት በፊት ካለቀ የሚቀጥለውን መክፈት የለም፤ እስከዚያ ምስር ወይም ድንች ነው። ከአንድ ትልቅ ዕቃ የሚቀዳ ሽሮ ማለቁ የሚታወቀው ማንኪያው ታች ሲነካ ብቻ ነው።

በጀቱ የጾም በጀት መሆኑንም መናገር ይገባል። የተሠራው በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ እንቁላልና ወተት የለበትም። ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታት በወር አሥር እንቁላል ያህል ጨምራለች፤ ያንን ከአትክልቱ ላይ አነሣች። የካቲት 17 ጾም ሲገባ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ክርስቲያን ላልሆነ ወይም ለማይጾም ተማሪ የአትክልቱ 850 ብር ጠባብ ነው፤ እንዳለ መቅዳት የለበትም።

ታኅሣሥ 25 ላይ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዕዳ ወር ጀመረች። ጥርም እንዲሁ አለፈ። የተሰናከለው የካቲት ላይ ነው። የአባቷ በ25 መጣና ኪራይ ሆነ። የእህቷ አልመጣም፤ ደመወዝ ዘግይቶባት ነበር፤ መጋቢት 4 ገባ። ዘጠኝ ቀን። የዘጠኝ ቀን የዕለት ወጪ ወደ 945 ብር ነው፤ በመጠባበቂያ የተሰበሰበው የሁለት ወር 520 ብቻ ነበር። 425 ብር ከጓደኛዋ ተበድራ በመጋቢት 4 መለሰች። የስልኩን ብድር አልነካችም፤ ይህ ለእኔ ከብሩ በላይ ነበር።

ይህ መሰናክል መጠባበቂያው ስንት መሆን እንዳለበት አሳየን። ከአንድ ሰው በላይ ለሚልክለት ተማሪ መጠባበቂያ ማለት የላኪው መዘግየት የሚቆይበት ጊዜ ነው። የእህቷ ደመወዝ ሲዘገይ አሥር ቀን ያህል መሆኑን ራሷ እህቷ ነገረችን፤ አሥር ቀን ሁለት ጊዜ 525 ነው፣ 1,050 ብር። ያ እስኪሞላ ድረስ በወር ሁለት የነበረው የምሳ ቀን አንድ እንዲሆን ተስማማን፤ የተረፈው 120 ብር ወደ መጠባበቂያው ይገባል። ወደ ቤት መሄጃውን 250 ግን አልነካነውም። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር፤ ደርሶ መልሱ ከ700 ብር አያንስም፤ ገንዘቡ ቀድሞ ካልተቀመጠ ከእንጀራው ላይ ነው የሚወጣው።

የቀረው ክረምት ነው፤ ስለ ወር በጀት ሲወራ የማይነሣው ይኼ ነው። ትምህርቱ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ልጅቷ ቤተሰቦቿ ጋ ናት፤ ኪራዩ ግን አይቆምም። ሁለት ወር ለባዶ ቤት 8,000 ብር። አባቷ «ልቀቂውና መስከረም ላይ ሌላ እንፈልጋለን» አለ። ይህ በወረቀት ላይ 8,000 ያተርፋል። ሆኖም አዲስ ቤት እስከ ሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ ያስጠይቃል፤ አዋጁ ከዚያ በላይ መጠየቅን ቢከለክልም እስከዚያ ድረስ ግን ይፈቀዳል። ከዚህም በላይ ያለው ውሏ ዋጋውን ይጠብቅላታል። በአዋጁ መሠረት ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፣ አከራይም በፈለገው ጊዜ የፈለገውን ያህል መጨመር አይችልም። አዲስ ተከራይ ሆና ስትገባ ግን የምትገባው በአዲስ ዋጋ ነው። በዚያ ሠፈር መስከረም ላይ ተማሪ ሁሉ ቤት ሲፈልግ በ4,000 ማግኘቷን ማንም ዋስ አልሆነላትም። ዕቃ ማመላለሻውም አለ፤ የመጀመሪያው የ2,300 ቀዳዳ ከምን እንደመጣ አንርሳ።

ስለዚህ ቤቱን ያዘችው። እህቷ የክረምቱን 10,000 ብር ለመስከረም ምዝገባ ስለፈለገችው ከእሷ የሚጠበቅ አልነበረም። አባቷ 4,000ውን እንደወትሮው በ25 መላኩን ቀጠለ፤ ልጁ ቤት ስለሆነች ከዚያ በላይ የሚያወጣው የለም። የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ክረምት ኮርስ ስለነበራት በወር 2,000 ብር እየከፈለች እንድትገባ ተስማሙ። አከራይዋ መጀመሪያ ላይ ቅር ቢላቸውም ሁለት ነገር ጠይቀው ፈቀዱ፦ የጓደኛዋ መታወቂያ ቅጂ እንዲሰጣቸው፣ መብራትና ውሃውን ጓደኛዋ ራሷ እንድትከፍል። ያለ አከራይ ፈቃድ ሰው ማስገባት ውሉን ሊያፈርስ ስለሚችል ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነበር።

ከዚያ የሚገኘው 4,000 ብር አባቷ ጋ አልተመለሰም። መጠባበቂያውን 1,050 ሞላ፤ ሌላ 525 ለጳጉሜ አምስት ቀናት ተቀመጠ፤ አከራይዋ ለጳጉሜ ኪራይ አይጠይቁም፣ እንጀራው ግን ይበላል፣ ገንዘብም በዚያ ወር አይላክም። የቀረው ለመስከረም ደብተር፣ ማባዣና አዲስ ምድጃ ተመደበ፤ ያረጀው ምድጃ ሽቦው ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ተቀጥሏል።